የቤተሰብ ፓኬጅ ብቻውን የአባትሽን ካዝና አይከፍትም

ጥያቄ፦ ሰላም። አባታችን ታይዋን ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። የሱቁ ጂሜይል፣ ቴሌግራም ቻናሉ፣ የፌስቡክ ገጹ፣ ዕቃ የሚያዝባቸው ሳይቶች፣ ሁሉም ፓስወርድ እሱ ጋር ነው። ግማሹ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ጭንቅላቱ ውስጥ። ነፃ ፓስወርድ ማናጀር ስልኩ ላይ ጫንኩለት፤ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ስልኩ ላይ ያስወጣዋል። ጀርመን ያለው ወንድሜ የቤተሰብ ፓኬጅ ልክፈል ብሏል። አምስት ነን። የምፈራው አባዬ ድንገት ታሞ ቢተኛ እንዴት እንደምንገባ ነው። የቤተሰብ ፓኬጁ ይበቃል? ከሳቢያን

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። የቤተሰብ ፓኬጅ ማለት አንድ ሰው ከፍሎ ብዙ ሰው ይጠቀማል ማለት ነው። የአባትሽ ካዝና፣ ማለትም ፓስወርዶቹ የተቀመጡበት ቦታ፣ ለእናንተ ይከፈታል ማለት አይደለም። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ካዝና እና እሱን የሚከፍት የየራሳችሁ ዋና ፓስወርድ ይኖራችኋል፤ ከዚያ ጎን ደግሞ የጋራ የሆነ ቦታ አለ። አባትሽ ወደ ጋራው ቦታ ያላመጣው ነገር ወንድምሽ ቢከፍልም ባይከፍልም አይታያችሁም። እሱ ሲታመም የግል ካዝናውን የሚከፍትላችሁ ሌላ ነገር ነው። የአደጋ ጊዜ መግቢያ ይባላል። እሱ ራሱ በጤናው ጊዜ ካላዘጋጀው ደግሞ በኋላ በገንዘብ የሚገኝ አይደለም።

መጀመሪያ ስለሚያስወጣው ነገር። እሱ ብልሽት አይደለም፣ የነፃው ፓኬጅ ገደብ ነው። ነፃ ፓኬጆች የሚገድቡት በተለያየ መንገድ ነው። ኖርድፓስ ነፃው ላይ ያልተገደበ ፓስወርድ ያስቀምጥልሻል፣ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስትገቢ ስልኩ ይወጣል። ያንቺም ነገር ይህንን ይመስላል። ላስትፓስ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ነፃ ተጠቃሚውን ወይ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ምረጥ ይለዋል፤ ስልክ ከመረጥሽ ስንት ስልክ ላይም ቢሆን ይሠራል፣ ኮምፒውተር ላይ ግን እምቢ ይላል። ሌሎቹ ደግሞ ብዛቱን ይገድባሉ። ዳሽሌን ነፃው ላይ 25 ፓስወርድ ብቻ ይይዝ ነበር፤ በመስከረም 2025 ደግሞ ነፃውን ፓኬጅ ጭራሽ ዘጋው።

የብዛት ገደብ ከመሣሪያ ገደብ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ወዲያው አይታወቅም። የመሣሪያው ገደብ በመጀመሪያው ቀን ያናድድሻል፣ ትቀይሪዋለሽ። የብዛቱ ግን ሰውየው ስድስት ወር ተጠቅሞበት ከለመደው በኋላ ነው የሚመጣው። 26ኛው ፓስወርድ አልቀመጥ ሲል ምን ያደርጋል? ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ፓስወርዱ ሁለት ቦታ ነው ያለው፣ እና የትኛው አዲስ የትኛው አሮጌ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሱቆች ውስጥ ኮምፒውተር ስሠራ ብዙ ጊዜ የማገኘው ይህንን ነው።

ለእናንተ ቤት የምመክረው ቢትዋርደንን ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። ነፃው ፓኬጅ ራሱ የብዛትም የመሣሪያም ገደብ የለበትም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ወንድምሽ መክፈል ቢያቆም አባትሽ ከገዛ ፓስወርዶቹ አይወጣም። የቤተሰብ ፓኬጁ ስድስት ሰው ይይዛል፣ አምስት ናችሁ፣ አንድ ቦታ ይተርፋችኋል። ሌላው፣ የአደጋ ጊዜ መግቢያ አለው። ዋን ፓስወርድ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፣ ግን ይህኛው የለውም። የቤተሰቡ አስተዳዳሪ የጠፋበትን ሰው መልሶ ሊያስገባ ይችላል፤ ሆኖም ሰውየው ራሱ ኢሜይሉን ከፍቶ መጨረስ አለበት። ታሞ ለተኛ ሰው ይህ አይጠቅምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአባትሽን ፓስወርዶች በሁለት ክፈሏቸው። ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት የሚያስፈልገው ወደ ጋራው ይግባ፤ ሳምንት ቢቆይ የማይጎዳው ደግሞ በግል ካዝናው ይቀመጥና ከአደጋ ጊዜ መግቢያው ጀርባ ይሁን። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ወይ ሁሉንም ወደ ጋራ ያፈሱታል፣ ከዚያ የአባት የግል ኢሜይል ለታናሹም ይታያል። ወይ ደግሞ ሁሉንም በአደጋ ጊዜ መግቢያው ላይ ይተማመኑበታል፣ ከዚያ ዕቃ ማዘዝ ባለባቸው ሳምንት ቁጭ ብለው ቀን ይቆጥራሉ።

እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ ላሳይሽ። አባትሽ ሰኞ ሆስፒታል ገባ እንበል። አንቺ የአደጋ ጊዜ ሰው ነሽ፣ የተቀመጠው የጥበቃ ጊዜ ሰባት ቀን ነው። ሰኞ ማታ በኮምፒውተር ብሮውዘር ገብተሽ ትጠይቂያለሽ። አባትሽ ወዲያው በኢሜይል ይነገረዋል። ተሽሎት ስልኩን ከያዘ ይፈቅዳል፣ ያኔውኑ ትገቢያለሽ። ካልፈለገ ይከለክላል። ዝም ካለ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ማታ ይከፈትልሻል። ሐሙስ ዕለት ግን ዕቃ አቅራቢው ክፍያ ይጠይቃል፣ ደንበኞች በሱቁ ጂሜይል ደረሰኝ ይጠይቃሉ። የአቅራቢው ሳይት እና የሱቁ ጂሜይል በጋራው ቦታ ከነበሩ ሐሙስ ችግር የለም፣ ማክሰኞ ጠዋት ራሱ ሱቁ ይከፈታል። ካልነበሩ ግን አራት ቀን ትዘገያላችሁ። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ የሚዛወሩ ናቸው።

ስለ ጋራው ቦታ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ቢትዋርደን ላይ ወደ ጋራ የገባ ፓስወርድ የአባትሽ መሆኑ ያበቃል፣ የድርጅቱ ይሆናል። ድርጅት ስል እዚያ ኦርጋናይዜሽን የሚባለውን ማለቴ ነው፤ የቤተሰባችሁ የጋራ ካዝና ማለት ነው። አባትሽ ከዚያ ቢወጣ ፓስወርዱ እዚያው ይቀራል። ጥሩ ነው፣ የምንፈልገውም ይህን ነው። ግን ሌላም ትርጉም አለው። ክፍያው ከተቋረጠ እና የቤተሰቡ ድርጅት ከታገደ የጋራው ክፍል እስኪከፈል ድረስ ለሁላችሁም ይዘጋል፤ የየግላችሁ ካዝና ግን ይቀጥላል። ወንድምሽ ካርዱ አብቅቶ፣ ማስታወሻው ደግሞ በማያየው ኢሜይል ሄዶ፣ ዓመቱ ሲሞላ ክፍያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የዚህ ድርጅት ባለቤት አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ወንድምሽ ከፋይ እና ባለቤት ይሁን፣ አንቺም ባለቤት ሁኚ። ይህ በደቂቃ የሚደረግ ነው፤ ካልተደረገ ግን እዚህ ሆነሽ ምንም ማስተካከል አትችይም።

ባለቤት የሆነው ወንድምሽ የአባትሽን የግል ካዝና አያየውም። አባቶች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፣ እና ትክክል ናቸው። የሚከፍል ሁሉ የሚያይ አይደለም። ለአባትሽ በግልጽ ንገሪው፣ በስልኩ ላይም ሁለቱን ለይተሽ አሳይው፤ የጋራ የሆነው ላይ ትንሽ ምልክት አለበት፣ የግሉ ላይ የለም።

የአደጋ ጊዜ መግቢያውን የሚያዘጋጀው አባትሽ ነው፣ በራሱ አካውንት ገብቶ። ይህ የስልክ አፑ ላይ አይደለም፣ ብሮውዘር ላይ ነው። `Settings` ውስጥ `Emergency access` የሚል አለ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ነው። እሱ ይጋብዝሻል፣ አንቺ ኢሜይልሽ ላይ የመጣውን ትቀበያለሽ፣ እሱ ደግሞ ተመልሶ ያረጋግጣል። ሰው የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ነው። ግብዣው ተልኮ፣ ልጁ ተቀብሎ፣ ሁሉም ጨረስን ብሎ ይነሳል። `Confirm` የሚለውን አባት ተመልሶ ካልነካ ምንም አልተሠራም። ግብዣው ራሱም በአምስት ቀን ያልፍበታል፣ ስለዚህ ነገ እቀበላለሁ እያልሽ አታቆይው።

ለምን ሦስተኛ እርምጃ አስፈለገ? ኩባንያው የአባትሽን ፓስወርድ አያውቀውም፣ ካዝናውም በሰርቨሩ ላይ ተቆልፎ ነው ያለው። አባትሽ ሲያረጋግጥ የካዝናው ቁልፍ አንቺ ብቻ በምትከፍችው ሌላ ቁልፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። የጥበቃው ቀን ሲያልቅ ሰርቨሩ ያንን ይሰጥሻል። ይህ በጤናው ጊዜ ካልተሠራ፣ በኋላ ለኩባንያው የሆስፒታል ወረቀት ብትልኪም፣ የሞት የምስክር ወረቀት ብትልኪም የሚሰጡሽ የለም። ከመጀመሪያውኑ እነሱ ጋር የለማ። ከዚህም የተነሣ አንቺም ሆንሽ አባትሽ አካውንታችሁን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ብትከፍቱ የቀድሞው ማረጋገጫ አይሠራም። እንደገና ከግብዣው መጀመር ነው።

ሲጋብዝሽ ሁለት ምርጫ ይመጣለታል። `View` ማለት ካዝናውን ታያለሽ፣ ታነቢያለሽ፣ አትቀይሪም። `Takeover` ማለት ዋና ፓስወርዱን አንቺ በአዲስ ትቀይሪና አካውንቱን ትረከቢያለሽ። ሁለተኛው ጠንካራ ይመስላል፣ ብዙ ሰውም እሱን ይመርጣል። እኔ ለእናንተ የምለው መጀመሪያ `View` ነው። አባትሽ ታሞ ነው እንጂ አልሄደም፤ ተሽሎት ሲመለስ የለመደው ፓስወርድ እንዲሠራለት ትፈልጊያለሽ። መረከብ ከሆነ ግን የድሮው ፓስወርዱ አይገባም፣ ከፓስወርዱ በላይ ኮድ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም ይጠፋል፣ በላዩ ላይ ባለቤት ካልሆነበት የጋራ ካዝናም ይወጣል። የሱቁ ነገሮች ለእናንተ ይቀራሉ፣ እሱ ግን ሲመለስ እንደገና መጋበዝ አለበት። ለማየት የምትፈልጊው ጥቂት ፓስወርድ ከሆነ ይህን ሁሉ ማመሰቃቀል አያስፈልግም።

አንድ ልታውቂው የሚገባ ገደብ አለ። በ`View` ስትገቢ የሚታይሽ የግል ካዝናው ብቻ ነው። ወደ ጋራ ያዛወረው በዚህ በኩል አይመጣም። ለዚህ ነው የጋራውን ክፍል አንቺ ራስሽ አባል ሆነሽ እንድታዪው የምፈልገው። አባትሽ አንድ የጋራ ክፍል ለብቻው ከፍቶ አንቺን ሳያስገባ ዕቃ ቢያስቀምጥበት በሁለቱም በር ላታገኚው ትችያለሽ።

የጥበቃ ጊዜው ስንት ይሁን? የሚሰጡሽ ምርጫዎች 1፣ 2፣ 7፣ 14፣ 30 እና 90 ቀን ናቸው። አባትሽ አንዳንዴ ጅቡቲ ዕቃ ለማምጣት የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ገጠር ዘመድ ጋር ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የሚቆይ ከሆነ አንድ ቀን አጭር ነው። ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ጥበቃው የሚጠብቀው ሰውየው ኢሜይሉን ካየ ብቻ ነው። አባትሽ ኢሜይል የማይከፍት ሰው ከሆነ 7 ቀንም 30 ቀንም ለእሱ አንድ ነው፣ ጥያቄው በዝምታ ያልፋል። ስለዚህ ከቀኑ ብዛት ይልቅ የሚጋበዘው ሰው ማንነት ነው የሚበልጠው። ሁለት ሰው ይጋብዝ፤ አንቺን በ7 ቀን፣ ወንድምሽን በ14 ቀን። አንቺም አብረሽ ብትታመሚ ወይም ስልክሽ ቢጠፋ ሁለተኛ በር ይኖራል። የአባትሽን ኢሜይል ደግሞ ስልኩ ላይ ድምፅ እንዲያሰማ አድርጊለት።

አሁን ስለ ወንድምሽ። ጀርመን ነው ብለሻል። ቢትዋርደን ሁለት የተለያየ የሰርቨር አካባቢ አለው፣ አንዱ አሜሪካ አንዱ አውሮፓ። ሲመዘገቡ ከላይ ወይም ከታች በትንሹ `bitwarden.com` ወይም `bitwarden.eu` ብሎ ይጠይቃል። ወንድምሽ አውሮፓ ስላለ የአውሮፓውን ይመርጥ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ የመጣልሽን ትወስጃለሽ። ከዚያ ግብዣው አይገናኝም። የአደጋ ጊዜ መግቢያው በአንድ አካባቢ ያሉ አካውንቶች መካከል ብቻ ነው የሚሠራው። የምታውቂበት ምልክት አለ፤ ትክክለኛውን ኢሜይል እና ፓስወርድ እያስገባሽ ተሳስተሻል ካለሽ፣ ብዙ ጊዜ የገባሽው በሌላው አካባቢ ነው። አካውንት ከአንዱ ወደ ሌላው ዝም ብሎ አይዛወርም፤ ፓስወርዶቹን አውጥቶ በአዲስ አካውንት መክተት ነው። ስለዚህ አምስታችሁም አንዱን ተስማሙ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት።

ወንድምሽ ለጊዜው ካልቻለስ? ሌላ መንገድ አለ። የአደጋ ጊዜ መግቢያውን ለማዘጋጀት የሚከፍለው ሰው የሚጋብዘው ነው፣ ማለትም አባትሽ። ተጋባዧ አንቺ በነፃ አካውንት መሆን ትችያለሽ። ስለዚህ የቤተሰብ ፓኬጅ ባይገዛ እንኳን ለአባትሽ ብቻ ፕሪሚየም ቢገዛለት ይበቃል። ነፃው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ የሚጋራው የጋራ ካዝና አለ፤ አንቺና አባትሽ በእሱ የሱቁን ነገሮች መጋራት ትችላላችሁ። ፕሪሚየሙ አንድ ጊዜ ተከፍሎ በኋላ ቢቋረጥ፣ ቀድሞ የተረጋገጡት ሰዎች አሁንም መጠየቅና መግባት ይችላሉ፤ አዲስ ሰው መጨመር ወይም የነበረውን መቀየር ግን አይቻልም። ይህንን የነገርኩሽ ክፍያው ለአንድ ዓመት ቢዘገይ እንዳትደነግጪ ነው።

ስልኩ ላይ ያለው የጉግል ፓስወርድ ማስቀመጫም አለ፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው እሱን ነው የሚጠቀመው። በጉግል ቤተሰብ ቡድን ውስጥ ፓስወርድ ማጋራት ይቻላል። የአደጋ ጊዜ መግቢያ ግን የለውም። ጉግል ላይ ለረጅም ጊዜ ሳትገቢ ስትቀሪ ለመረጥሽው ሰው እንዲነገር ማድረግ አለ፤ አጭሩ ጊዜ ሦስት ወር ነው። ለአባት ሱቅ ሦስት ወር በጣም ረጅም ነው። አይፎን የያዘ ሰው ካለም ከሞት በኋላ መረጃውን የሚወርስ ሰው መምረጥ ይችላል፤ የተቀመጡት ፓስወርዶች ግን በዚያ ውስጥ አይካተቱም።

ካዝናው ሲከፈትም የማይከፈቱ ነገሮች አሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ብዙ ቤተሰብ ሥራው አለቀ ብሎ የሚያቆመው እዚህ ስለሆነ ነው።

ቴሌግራም በፓስወርድ አይገባም። በስልክ ቁጥር እና በሚመጣ ኮድ ነው። ፓስወርድ ካለውም የሁለተኛው ደረጃ ነው፤ እሱን ካዝና ውስጥ አስቀምጡት፣ ግን ብቻውን አያስገባሽም፣ ስልኩ ወይም ሲሙ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለቻናሉ ፓስወርድ መጋራት ትክክለኛው መፍትሔ አይደለም። አባትሽ አንቺን አስተዳዳሪ አድርጎ ይጨምርሽ፣ ከሁሉም መብት ጋር። የፌስቡክ ገጹም እንዲሁ፣ ለአንቺ ሙሉ ቁጥጥር ይስጥሽ፣ የእሱን ፌስቡክ መክፈት አያስፈልግሽም።

የባንክ አፖች እና ቴሌብር ሌላ ናቸው። ፒኑ ካዝና ውስጥ ቢኖርም ሲሙ የእሱ ነው፣ የሚመጣው ኮድ ወደ እሱ ስልክ ነው፣ ስልኩም ራሱ ተቆልፏል። የስልኩን መክፈቻ ካዝናው ውስጥ እንዲያስገባ ጠይቂው፣ በማስታወሻ ዓይነት። ገንዘቡን በተመለከተ ግን በሕጉ ሂዱ። አባትሽ በሕይወት እያለ የሱቁን ሒሳብ አንቺም እንድታንቀሳቅሺ ከፈለገ በባንኩ ውክልና ይስጥሽ። ሰው ሲያርፍ ደግሞ የባንክ ሒሳብ የሚከፈተው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። በፒን አይደለም፣ ፒኑን አውቃለሁ ብሎ ማውጣት በወራሾች መካከል ጠብ ያመጣል።

ጂሜይሉ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው ጉግል መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። አሥር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አኃዝ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራሉ። እነሱን ከጂሜይሉ ፓስወርድ ጋር ማስታወሻው ላይ ለጥፏቸው። ያለ እነሱ ፓስወርዱን አግኝተሽ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘጋበትን ነገር ልንገርሽ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያላበሩ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲገቡ ቢትዋርደን ወደ ኢሜይላቸው ኮድ ይልካል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የኢሜይሉ ፓስወርድ ያለው የት ነው? ካዝናው ውስጥ። ካዝናው ኮድ ይላል፣ ኮዱ ኢሜይል ውስጥ ነው፣ ኢሜይሉ ፓስወርድ ይላል፣ ፓስወርዱ ካዝና ውስጥ ነው። ስልኩ የጠፋበት ሰው በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንድ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩና የሚሰጠውን የማገገሚያ ኮድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ `Recovery code` ይባላል፣ ስልኩ ቢጠፋ ሁለተኛውን ደረጃ የሚያልፍልሽ እሱ ነው። ሁለት፣ የአባትሽ የጂሜይል ፓስወርድ ከካዝናው ውጭም በወረቀት ይኑር።

አዎ፣ ወረቀት። ደብተሩን ጣይ የሚልሽን ሰው አትስሚው። ፓስወርድ ማናጀር ወረቀትን ከሠላሳ ገጽ ወደ አንድ ገጽ ያወርደዋል እንጂ አያጠፋውም። አንድ ወረቀት ላይ ዋና ፓስወርዱ፣ የማገገሚያ ኮዱ፣ የጂሜይሉ ፓስወርድ፣ የትኛው ሰርቨር አካባቢ እንደሆነ እና የተመዘገበበት ኢሜይል ይጻፉ። በፖስታ ይታሸግ፣ እናትሽ ጋር የወርቅና የቤት ካርታ በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጥ። ስልክ ካሜራ አይንካው። ፎቶ ተነሥቶ ለወንድምሽ በቴሌግራም ከተላከ ፓስወርዱ በአምስት ስልኮች ጋለሪ ውስጥ ተበተነ ማለት ነው። ወንድምሽ ከፈለገ ሲመጣ በእጁ ይቅዳው።

ዋናውን ፓስወርድ ሲመርጥ በላቲን ፊደል ይሁን፣ ቃላቱ አማርኛ ቢሆኑም። በግዕዝ ፊደል የጻፈ ሰው የግዕዝ ኪቦርድ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ መግቢያ ያጣል። አራት ወይም አምስት የማይገናኙ ቃላት፣ በመካከላቸው ሰረዝ። የልጅ ስም፣ የመኪና ታርጋ፣ የመጽሐፍ ጥቅስ አይሁን። እሱ ራሱ ይምረጠው፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በእጁ ይጻፈው፣ በጣት አሻራ ብቻ እንዳይገባ። በጣት አሻራ ብቻ የለመደ ሰው ስልክ ሲቀይር ዋና ፓስወርዱን እንደረሳ ያገኛል።

ከድሮው አፕ ማውጣቱ ቀላል ነው። ፓስወርዶቹን በሲኤስቪ ፋይል ታወጫለሽ፣ ቢትዋርደን ውስጥ ታስገቢያለሽ። ያ ፋይል ግን ምንም ቁልፍ የለበትም፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አታውጪው፤ ብዙ ሰው ይነካዋል። በራስሽ ላፕቶፕ አውጪው፣ አስገቢ፣ ቆጥረሽ አረጋግጪ፣ ከዚያ ፋይሉን ደምስሺ፣ ከትራሹም ጭምር። የድሮው አፕ ላይ ያለውን ወዲያው አታጥፊ፣ ለአንድ ወር ይቆይ።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ከሰዓቱን ምረጪ፣ ድሬ በሙቀቱ ሱቅ ስትዘጋ። አባትሽ ደንበኛ የለበትም፣ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ኔትወርክ ወይም መብራት ቢሄድም አታቋርጪው፤ ስልኩ ላይ ገብቶ የነበረ ካዝና ያለ ኢንተርኔትም ይነበባል፣ አዲስ ነገር መጨመር ነው የማይቻለው።

መጨረሻ ላይ ሞክሩት። አባትሽ መጀመሪያ ጥበቃውን 1 ቀን ያድርገው። ዓርብ ማታ ትጠይቂያለሽ፣ እሱ ሳይነካው ይተወዋል፣ ቅዳሜ ማታ ትገቢያለሽ። ኢሜይሉ ለእሱ ደረሰው ወይ? ስልኩ ላይ ድምፅ አሰማ ወይ? አንቺስ የሱቁን ጂሜይል መጠባበቂያ ኮዶች አገኘሽ? የስልኩን መክፈቻስ? አንዱ ከጎደለ ያኔ ይጨመራል፣ አባትሽ ጎንሽ ነው፣ ትጠይቂዋለሽ። ከዚያ ጥበቃውን ወደ 7 ይመልሰው። ወንድምሽም ከጀርመን በሌላ ቀን ይሞክር፤ የእሱ መሥራቱን በእሱ ስክሪን ላይ እዪ፣ በስልክ «ይሠራል» ሲልሽ ብቻ አትመኚ።